አባባን የት እናስቀምጠው?

ኅዳር 8 ቀን 2017

ሥራዬ ፎቶ ማስተካከል ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ እውላለሁ። የተቀደደ እጠግናለሁ፣ የደበዘዘ አፈካለሁ፣ የሞተ ሰው ከቤተሰቡ መሀል አስገባለሁ። የመጨረሻው ከሚመስለው በላይ የተለመደ ነው። ደንበኛ ሁለት ፎቶ ይዞ ይመጣል። «እናቴን እዚህች ጋ ጨምሪልኝ» ይላል። በዋጋ እንስማማለን፣ በሦስተኛው ቀን ይወስዳል። እህት ወንድሞቹ ያውቁ እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

አሁን ተራው የኛ ቤት ሆነ። ለመስቀል እማ ግቢ ተሰብስበን የተነሳነው ፎቶ ታጥቦ መጣ። እማ መነጽሯን አድርጋ አንድ በአንድ አየችን። «አባታችሁ ጎደለ» አለች። አፌ አያርፍም፣ «ላስገባው እንዴ?» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «ሁላችሁም ከተስማማችሁ» አለችኝ።

ሁላችንም ማለት አራት ነን። ወንድም ጋሼ አዲስ አበባ፣ እታበባ ጅዳ፣ እኔ እዚህ፣ ማሙሽ ኮምቦልቻ። ይህን ማስታወሻ የምይዘው ነገ «እንዴት አደረግሽው?» ሲሉኝ የማሳየው እንዳላጣ ነው።

ኅዳር 9

መጀመሪያ ፎቶ ፍለጋ። አባባ ያረፈው በ2009 ነው። ልብስ ሰፊ ነበር። ካሜራ ሲያይ ሥራ የሚበዛበት ዓይነት ሰው ስለነበር ፎቶው ብዙ አይደለም። የነበረው አልበምም በ2014 ከከተማው ወጥተን ስንመለስ አልጠበቀንም። ዘመድ ቤት ዞሬ አራት ለቀምኩ።

አንደኛው ጥቁርና ነጭ ጉርድ ፎቶ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። እማ አጠገብ ቢቀመጥ ባሏ ሳይሆን ልጇ ይመስላል። ቀረ።

ሁለተኛው በ1996 እታበባ ስትመረቅ ከእማ ጋር ጎን ለጎን ቆመው የተነሱት ነው። ጥራቱ ግሩም ነው። ግን ቀትር ላይ ነው የተነሱት። የባርኔጣው ጥላ ዓይኑን ጋርዶታል፣ የአፍንጫው ጥላ ከንፈሩ ላይ በመቀስ የተቆረጠ ይመስል ጥርት ብሎ ወድቋል። የመስቀሉ ፎቶ ደግሞ በግንብ ጥላ ሥር ነው፤ ለስላሳ ብርሃን ነው፣ የማንም አፍንጫ ጥላ የለውም። እንዲህ ያለ ስለታም ጥላ አይጠፋም። ጥላው ሥር ያለውን ቆዳ ካሜራው በቅጡ ስላላየው፣ ጥላውን ላንሳ ካልኩ የአባባን ዓይን ከራሴ መሣል ሊሆንብኝ ነው።

ሦስተኛው ከመሞቱ በፊት በስልክ የተነሳ ነው። ጋቢ ለብሶ አልጋ ላይ ነው። እማ እንዳጠፋው ለምናኛለች። አላጠፋሁትም፣ ግን አልነካውም።

አራተኛው በ1999 ወንድም ጋሼ ሲያገባ ዳስ ውስጥ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ የተነሳው ነው። ራሱ የሰፋውን ግራጫ ኮት ለብሷል። ፈገግ ሊል ሲል ነው ያነሱት። እሱ ነው። ችግሩ፣ ፎቶው ከፍሬሙ መስታወት ጋር ተጣብቋል።

ኅዳር 11

የደሴ ክረምት ለፎቶ ጠላት ነው። የፎቶ ወረቀት ፊቱ ላይ ያለው ንብርብር ጄላቲን ነው። እርጥበት ሲያገኝ ይለሰልስና መስታወቱን ይይዛል፣ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይሆናል። ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛ በምላጭ አላቆ ያመጣውን አይቻለሁ። ግንባሩ መስታወቱ ላይ፣ አገጩ ወረቀቱ ላይ ቀርቶ ነበር። ስለዚህ አላላቀቅኩትም።

ከነመስታወቱ ስካነር ላይ ጣልኩት። ደበዘዘ። የኛ ስካነር ጥርት አድርጎ የሚያየው የራሱ መስታወት ላይ የተኛን ነገር ብቻ ነው፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ከፍ ያለውን አያውቀውም። በካሜራ ለማንሳት ወሰንኩ። ፍሬሙን መስኮት አጠገብ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። የኔ ነጸብራቅ መስታወቱ ላይ እንዳይታይ ጥቁር ነጠላ መሀሉን ለሌንሱ ቀድጄ ከካሜራው ፊት ዘረጋሁ። (ነጠላው የፎቶ ቤቱ ባለቤት ሚስት ንብረት ነበር። ከፍያለሁ።) ካሜራው ለፎቶው ቀጥ ማለቱን ያወቅኩት የፍሬሙ አራት ጠርዞች ከስክሪኑ ጠርዝ ጋር እኩል ሲሄዱ ነው።

የተጣበቀው ቦታ እርጥብ መስሎ ጠቁሮ ይታያል። ትከሻው ላይና ጆሮው አካባቢ ነው፤ ፊቱ ተርፏል።

አሁን ቁጥሩን ላስቀምጥ፤ ኋላ ደብዳቤው ውስጥ ይገባል። ወረቀቱ ላይ የአባባ ራስ ከአገጭ እስከ አናት 1.6 ሳንቲ ሜትር ነው። የዚያ ዘመን ሕትመት የያዘውን ዝርዝር ሁሉ ብወስድለት ከ190 ፒክስል ብዙ አይበልጥም። የቀረው የወረቀቱ እህል ነው። በመስቀሉ ፎቶ ላይ የኛ ራስ ከ300 በላይ ነው። አባባ መሀላችን ሲቀመጥ ከሁላችንም ትንሽ ደብዘዝ ይላል ማለት ነው። ይህን ማስተካከያ የለውም። ማድረግ የሚቻለው ልዩነቱ በዓይን እንዳይያዝ ፎቶውን አሳንሶ ማተም ነው።

ኅዳር 14

ዛሬ የብርሃኑ ነገር። በመስቀሉ ፎቶ ላይ ብርሃኑ የሚመጣው ከተመልካቹ በግራ በኩል ነው። ዳሱ ደግሞ የተከፈተው በቀኝ በኩል ነበር። የአባባ የበራው ጉንጭና የኛ የበራው ጉንጭ ይቃረናሉ።

ሁሉም የሚያደርገው አቋራጭ አለ፦ `Flip Horizontal`። ፎቶውን እንደ መስታወት መገልበጥ ነው። አንድ ጠቅታ። ለደንበኛ ስንቴ አድርጌዋለሁ። አደረግኩት። ብርሃኑ ገጠመ። ደስ አለኝ።

ማታ ሁለቱንም በስልኬ ይዤ ሄድኩና፣ ምን እንዳደረግኩ ሳልነግራት ለእማ አሳየኋት። ያልተገለበጠውን አይታ ዝም አለች። የተገለበጠውን ስታይ «ይሄን ቀን አሞት ነበር እንዴ?» አለችኝ።

የሰው ፊት ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። የአባባ የግራ ቅንድብ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ፈገግታው ወደ አንድ ወገን ነው። አርባ ዓመት ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ቡና የጠጣች ሴት ያ ሲዛወር ምን እንደተነካ ባትለይም እንደተነካ ታውቃለች። ምን ያህል ደንበኛ ገልብጬ እንደሸኘሁ አሰብኩና አፈርኩ።

መልሼ አቀናሁት። የዳስ ብርሃን ለስላሳ ስለሆነ በእጅ ማመጣጠን ይቻላል። በጠቆረው ጉንጭ ላይ ጥቂት ጥቂት እያበራሁ፣ የበራውን ጥቂት ጥቂት እያጠቆርኩ ነው። የቀትሩ ፎቶ ቢሆን ይህ አይሞከርም ነበር።

ኅዳር 17

የት ይሁን? ቀላሉ ቦታ ከእማ ወንበር ኋላ መቆም ነው። እማ መሀል ተቀምጣለች፣ በስተቀኟ ወንድም ጋሼ እጁን ወንበሯ ላይ አሳርፎ ተቀምጧል። በሁለቱ ራስ መሀል ከኋላ ክፍት አለ። አባባ እዚያ ቢቆም የሚያስፈልገኝ ከደረት በላይ ብቻ ነው። እጅ የለ፣ ጉልበት የለ፣ ጫማ የለ። ከዳሱ ፎቶ ያለኝ ይበቃል።

መጠኑንም አገኘሁ። ለፊቱ የጣልኩት የምረቃ ፎቶ ለዚህ ጠቀመ፤ እማና አባባ ጎን ለጎን ናቸው። እማ ሻሽ ስለምታስር አናቷ አይለካም። ከዓይን እስከ አገጭ ለካሁ። የሷ 10 ከሆነ የሱ 11 ነው። በመስቀሉ ፎቶ የሷን ለክቼ በዚያው ልክ የሱን አስቀመጥኩ። ይህን ሳይለኩ በግምት የሚያስገቡ ሰዎች ሥራ ከሩቅ ይታወቃል፤ ሟቹ ወይ ግዙፍ ነው ወይ ሕፃን።

እዚህ ላይ ቆምኩ። ከዚህ በኋላ ያለው የኔ ብቻ አይደለም። ደብዳቤ ጻፍኩ። በወረቀት ጽፌ ፎቶ አንስቼ ላክሁላቸው፤ በስልክ ሲተየብ ቶሎ ቶሎ ይነበባል።

«ውድ ወንድም ጋሼ፣ ውድ እታበባ፣ ማሙሽዬ፤

ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔና እማ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላ የለባትም።

የምጽፍላችሁ ስለ መስቀሉ ፎቶ ነው። እማ አባባ ጎደለ አለች። አባባን ላስገባው አስቤያለሁ። እሷ ደግሞ ሁላችሁም ካልተስማማችሁ አይሆንም ብላለች። እኔም እንደዚያው ነኝ። ዝም ብዬ ሠርቼ ‹ሰርፕራይዝ› ብላችሁ ታለቅሳላችሁ ወይ ትቆጡኛላችሁ፤ ሁለቱንም አልፈልግም።

የማደርገውን ልንገራችሁ። ፊቱ ወንድም ጋሼ ሠርግ ላይ ከተነሳው ነው። ያኔ 61 ዓመቱ ነበር። እማ አሁን 70 አልፋለች። ፎቶው ላይ ከሚስቱ ሊያንስ ነው። አላስረጀውም። ሽበት ጨምሪ፣ ቆዳውን ሸብሽቢ ብትሉኝም አላደርገውም፤ ያ እኔ የምፈጥረው ሽማግሌ እንጂ አባባ አይደለም። ብርሃኑን አስተካክላለሁ፣ የቀላውን ቀለም እመልሳለሁ፣ ፊቱን ሌላ አልነካም።

የሚቆመው ከእማ ኋላ ነው፣ በእማና በወንድም ጋሼ መሀል። ፎቶው ትልቅ አይሆንም። ወንድም ጋሼ 50 በ75 ብለህ ነበር፣ ግን በዚያ መጠን የአባባ ፊት ከኛ መደብዘዙ ያስታውቃል። 30 በ45 ከሆነ ሳሎን ቆሞ የሚያይ ሰው አይለየውም።

ያለ አባባ ያለው ፎቶም ይቀመጣል። እሱን አላጠፋም። እማ የትኛውን እንደምትሰቅል ራሷ ትምረጥ።

የወንድም ጋሼ ትንሹ ልጅ አያቱን አያውቀውም። ይህን ፎቶ እያየ ሲያድግ አያቴ አቅፎኝ ነበር ብሎ እንዳያስብ እሰጋለሁ። ምን እንደምንለው እናንተ ንገሩኝ።

እታበባ፣ አንቺም ፎቶው ላይ የለሽም። ከፈለግሽ ጥላ ሥር ቆመሽ ተነሽና ላኪልኝ፣ ከእኔ አጠገብ አስገባሻለሁ።

ከእናንተ አንዱ እንኳ ካልፈለገ ይቀራል። ለምን ብዬ አልጠይቅም።

እህታችሁ»

ኅዳር 18

ማሙሽ በአምስት ደቂቃ መለሰ። «አብሽሪ፣ እኔ ምንም ቅሬታ የለኝም። ፀጉሩን ግን እንዳታጠቁሪው።» በቃ፣ ይኸው ነው።

ኅዳር 22

እታበባ በድምፅ ላከች። ሥራ ቦታ ሆና ነው፣ በሹክሹክታ ነው የምታወራው። ለአባባ ቀብር አልደረሰችም፤ መጀመሪያ ያወራችው ስለዚያ ነው። እሱን እዚህ አልጽፈውም። መጨረሻ ላይ «አባባን አስገቢው» አለች። «እኔን ግን እንዳታስገቢኝ። እኔ እመጣለሁ። መጥቼ በእግሬ ቆሜ ነው የምነሳው።»

የሷን ቦታ ብዬ ያዘጋጀሁትን ፋይል ሰረዝኩት።

ኅዳር 27

ወንድም ጋሼ ዘጠኝ ቀን ዝም አለ። ዛሬ ደወለ። እምቢ ሊል ነው ብዬ ነበር።

«ማስገባቱን አልጠላሁትም» አለ። «ግን እኔ ተቀምጬ አባቴን ኋላዬ ልታቆሚው ነው? ምን ነካሽ?»

ይህን እኔ እንዴት እንዳላሰብኩት አላውቅም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያየሁት ክፍት ቦታና ያልታየ ጉልበት ብቻ ነው። ሥራው የሚቀልበትን ስፈልግ አባትን ለልጅ አስቆምኩት። ፎቶው ሳሎን ተሰቅሎ የእማ ጎረቤቶች ሲያዩት የመጀመሪያው የሚሉት እሱ ነበር።

«እኔን አስነሺና ወንበሩን ለሱ ስጪው» አለኝ። ስለ ልጁ ደግሞ፣ «ጀርባው ላይ ጻፊበት። የትኛው ከየት እንደመጣ ጻፊ። ማንበብ ሲችል ያነባል።»

ታኅሣሥ 3

ማስነሳት ማለት በፎቶ ቀላል አይደለም። ተቀምጦ የተነሳን ሰው ማቆም አይቻልም፤ ሱሪው ሌላ ነው፣ ትከሻው ሌላ ነው። እንደገና እንዲነሳ ደሴ መምጣት አለበት፤ እስከ ፋሲካ አይመጣም።

የመስቀሉን ቀን ፎቶዎች በሙሉ ከፈትኩ። 31 ናቸው። ካሜራው ትሪፖድ ላይ ስለነበር ሁሉም አንድ ላይ ይገጥማሉ። ሰባተኛው ላይ ደረስኩ። ወንድም ጋሼ ገና አልተቀመጠም። ከወንበሩ ኋላ ቆሞ ልጆቹን ቦታ ቦታ እያስያዘ ነው፣ ግን በዚያች ቅጽበት ቀና ብሎ ወደ ካሜራው አይቷል። ፊት ለፊቱ ወንበሩ ባዶውን ነው። ባዶ ወንበር፣ ከእማ ቀጥሎ፣ በትክክለኛው ብርሃን።

ያን ፎቶ መሠረት አደረግኩ። ሌሎቻችንን ደህና ከወጣንበት ከ19ኛው ፎቶ ወስጄ በ`Layer Mask` ላዩ ላይ አሳረፍኩ። ትሪፖዱ ባይኖር ይህ ሁሉ የለም።

ታኅሣሥ 10

የዳሱን አባባ ሙሉ ወንበሩ ላይ ላስቀምጠው ሞከርኩ። አልሆነም። የሠርጉ ፎቶ አንሺ ቆሞ ነው ያነሳው፤ ተቀምጠው የነበሩትን ሽማግሌዎች ከላይ ወደ ታች ነው ያያቸው። የኛ ካሜራ 1.20 ሜትር ላይ ነበር፣ ከተቀመጠ ሰው ዓይን ጋር እኩል ማለት ይቻላል። ፊቱ ላይ ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ አገጩ ትንሽ ገባ ይላል እንጂ አያስታውቅም። ጉልበቱና ጭኑ ላይ ግን ጉድ ነው። ከወንበሩ ሊንሸራተት የደረሰ ይመስላል። ደግሞ እጆቹ አይታዩም፤ ከፊቱ የተቀመጠ ሰው ከልሎታል።

ፊቱን ከዳሱ፣ ገላውን ከሌላ ሰው መውሰድ ግድ ሆነ። ኮቱ እማ ሣጥን ውስጥ አለ። የሚሆነው ሰው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ይህ ግን ደብዳቤው ላይ አልነበረም። እንደገና ጻፍኩ፣ አሁን ሁለት መስመር፦ «ገላው የማሙሽ ቢሆን ትፈቅዳላችሁ?» ሦስቱም በዚያው ቀን እሺ አሉ። ማሙሽ «ክፍያ አለው?» ብሎ ጨመረ።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

ማሙሽ ፋብሪካው ዕረፍት ስለሆነ ጠዋት ሐረጎን ወጥቶ መጣ። ኮምቦልቻ ለምዶ ደሴ ብርድ ሆኖበታል።

ወንበሩን በፎቶው ላይ በሚታየው ንጣፍ ድንጋይ መስመር አስቀመጥኩ። ካሜራው የት እንደነበር ለማግኘት አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። የበሩ ማዕዘን ከግንቡ የቱ ጡብ ጋር እንደሚገጥም ፎቶው ላይ እያየሁ፣ ትሪፖዱን ግራ ቀኝ፣ ላይ ታች። ሌንሱ ያው 50 ሚሊ ሜትር።

ብርሃኑ አስቸገረ። ያኔ የተነሳነው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ በዚያው ሰዓት ከመስቀል ሰሞን ዝቅ ትላለች። ሰዓቱን ብቻ ብከተል ብርሃኑ አይገጥምም ነበር። በየአሥር ደቂቃው አንዳንድ እያነሳሁ የማሙሽን የአገጭ ጥላ ከመስቀሉ ፎቶ ከራሱ ከማሙሽ አገጭ ጋር አስተያየሁ። 3 ሰዓት ከ40 ገደማ ገጠመ።

ኮቱን ሲለብስ እማ ከማጀት ወጥታ ነበር። እጅጌው ልክ ነው። ትከሻው ልክ ነው። ኮሌታውን ጎተት አድርጋ አስተካከለችለትና ተመልሳ ገባች። ምንም አላለችም። ማሙሽም እስክንጨርስ አልቀለደም፤ ይህ ያልተለመደ ነው።

ጥር 5

ፊትና ገላ ማገጣጠም። የሚያቃጥረው አንገት ነው። የአባባ አንገት 61 ዓመቱ ነው፣ የማሙሽ 34። ስፌቱን ኮሌታው ውስጥ ደበቅኩት፤ አባባ እስከ ላይ ይቆልፍ ስለነበር ተመቸኝ። የኮቱ ቀለም ከፎቶው ሳይሆን ከኮቱ ስለተወሰደ ደህና ነው። የፊቱን ቅላት አወጣሁ፤ ልክ መሆኑን የማየው ሸሚዙ ላይ ነው። ነጩ ነጭ ሲሆን ቆዳውም ይመለሳል።

መጨረሻ ላይ በአባባ ፊት ላይ ያለውን የወረቀት እህል አለዘብኩና፣ ካሜራው በኛ ፊት ላይ የተወውን ደቃቅ ነጠብጣብ ያህል በ`Add Noise` ጨመርኩ። ስል ለማድረግ አልሞከርኩም። ስል ሲደረግ የሌለ ዝርዝር ያለ ያስመስላል፣ ቆዳው ፕላስቲክ ይሆናል።

ጥር 8

ናሙና አትሜ ለእማ ወሰድኩ። መስኮት አጠገብ ይዛው ተቀመጠች። ፊቱን አየች። ቀጥላ ወደ ታች ወረደች። ብዙ ቆየች።

«ይሄ እጅ የማሙሽ ነው» አለች።

እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው። እኔ እጅ ብዬ ነው ያለፍኳቸው። እማ ግን ጣቱን አሳየችኝ። የአባባ የግራ አውራ ጣት መቀስ የበላው ነበር፣ አንጓው ላይ እንደ ቀንድ የጠነከረ። ግራኝ ነበር።

«ሰዓትም በግራ አያስርም» አለች። የማሙሽ ሰዓት ነው፤ ማውለቅ ረስተን። ግራኝ ሰው ሰዓቱን በቀኝ እንደሚያስር አባባን እያየሁ ነው ያደግኩት።

የአባባ እጅ በአንዱም ፎቶ ላይ ለዚህ በሚሆን መልኩ አይታይም። በምረቃው ላይ አንዱ ኪሱ ውስጥ ነው፣ ሌላው የእታበባን አበባ ይዟል። ከየትም የማመጣው እጅ የለኝም። እማን ልሸፍነው ወይ አልኳት፤ ጋቢ ጣል ማድረግ ይቻላል። ፎቶውን አራቀችው፣ አቀረበችው።

«ሰዓቱን አውልቂለት» አለች። «እጁን ተዪው።»

ጥር 13

ሰዓቱን አጠፋሁ። ሥሩ የነበረው ቆዳ ከሌላኛው እጅ ተወሰደ። ሁለቱም ፎቶዎች 30 በ45 ታተሙ። ለመስታወቱ እርጥበት ብዬ በፎቶውና በመስታወቱ መሀል የካርቶን ማዕቀፍ አስገባሁ፤ እንዳይነካካ። እማ ያለ አባባ ያለውን መኝታ ቤት፣ አባባ ያለበትን ሳሎን ሰቀለች።

ጀርባው ላይ በእርሳስ የጻፍኩት ይህ ነው። ሦስቱም አንብበው እሺ ብለዋል፦

«መስከረም 17 ቀን 2017፣ እማ ግቢ፣ ደሴ። አባባ በዚህ ቀን በሕይወት አልነበረም። ፊቱ በ1999 ወንድም ጋሼ ሲያገባ ከተነሳው ነው። ኮቱ የራሱ ነው፣ ራሱ ነው የሰፋው። ገላውና እጁ የማሙሽ ነው። ወንበሩን የለቀቀለት ወንድም ጋሼ ነው። እታበባ የለችም፤ ትመጣለች።»